ሺቱ ድግግሞሽ የለም እያለን አንድን ሊድ ለምን ሁለት ጊዜ እናገኛለን?

ሦስት ሆነን ለድርጅቶች የሒሳብ አያያዝ አገልግሎት እንሸጣለን። ገና ያልገዙንን፣ ሊገዙን ይችላሉ የምንላቸውን ሰዎች፣ ማለትም ሊዶችን፣ ሁሉ በአንድ የጉግል ሺት ላይ እንመዘግባለን፤ አሁን 1,400 ረድፍ ገደማ ደርሷል። ዓምዶቹ በተራ ስም፣ ድርጅት፣ ስልክ፣ ኢሜይል፣ ኃላፊ፣ መጨረሻ የተነጋገርንበት ቀን፣ ቀጣይ ቀን እና ሁኔታ ናቸው። ቀጣዩ ቀን ሲደርስ አንድ ትንሽ ስክሪፕት ጠዋት በራሱ ተነሥቶ ለሰውየው አጭር የማስታወሻ ኢሜይል ይልካል። ስክሪፕቱን የጻፈው ከእኛ ጋር ይሠራ የነበረ ባልደረባችን ነው፤ አሁን ሥራ ለውጧል።

በቅርቡ አንዲት ሥራ አስኪያጅ በአንድ ሳምንት ውስጥ ከሁለታችን ስልክ ተደወለላት። እኔም ባልደረባዬም ሌላው መደወሉን አናውቅም ነበር። በዚያ ላይ ያው ኢሜይል በተከታታይ ሁለት ቀን ደረሳት። በትሕትና፣ ግን በማያሻማ ቃል ከእንግዲህ እንዳናገኛት ነገረችን። የስም ዓምዱን በCOUNTIF ስፈትሸው አንድም የተደገመ ስም የለም ይላል። ታዲያ ድግግሞሽ ከሌለ እንዴት ሁለት ጊዜ ደረስንባት? ይህ ዓይነቱ ነገር ያስጨንቀኛል፤ አንድ ሰው ስልኩን ሲሰጠን አደራ ሰጥቶናልና።

ይህን እዚህ መድረክ ላይ ጠይቄ የመልሶቹ ክር ስለረዘመ፣ በኋላ የሚመጣ ሰው ሁሉን ማንበብ እንዳይኖርበት መልሶቹን በየቁጥራቸው በራሴ ቃል ከዚህ በታች አስቀምጫለሁ። የማልስማማበት ቦታ ላይ የራሴን አስተያየት ጨምሬአለሁ።

መልስ 1። የመጀመሪያው መላሽ በጣም ትሑት ሰው ነው። ስክሪፕትም ፎርሙላም ሳያስፈልግ ከሜኑው ላይ ድግግሞሽ ማጥፊያውን አንድ ጊዜ መጫን ይበቃል አለ። በስም ዓምዱ ፈንታ የስልክ ዓምዱን እንድመርጥም መከረኝ። በስም አትፈትሹ ማለቱ ልክ ነበር። የቀረውን ግን ቀጣዩ መላሽ አላለፈውም።

መልስ 2። ይቺኛዋ ኮስተር ያለች ናት። ያንን ቁልፍ በፍጹም እንዳልነካ አስጠነቀቀችኝ። ምክንያቷን በምሳሌ አስረዳች፦ ማጥፊያው ከተደገሙት ረድፎች መጀመሪያ ያገኘውን ያስቀራል፣ ከሥሩ ያለውን ሙሉ ረድፍ ይሰርዛል። የላይኛው ረድፍ ከረጅም ጊዜ በፊት ተመዝግቦ ባዶ ማስታወሻ ይዞ ይሆናል፤ ሰውየው አትደውሉልኝ ያለበት ቃል ደግሞ የተጻፈው በታችኛው ላይ ነው። ማጥፊያው የሚያጠፋው እንግዲህ ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገውን ረድፍ ነው። ከዚያ በኋላ ሺቱ ንጹሕ ይመስላል፤ እኛም ያንኑ ሰው እንደ አዲስ እንደውልለታለን። የ1ኛው መልስ ባለቤት ይህን ሲያነብ እንዳላሰበበት ጽፎ አመሰገናት።

መልስ 3። እኒህ መላሽ በአጻጻፋቸው ብዙ ዓመት በዚህ ሥራ ላይ የቆዩ ይመስላሉ፤ በክሩ ውስጥ ሁሉም ሰው አንቱ ይላቸዋል። መልስ ከመስጠታቸው በፊት ሁለት ነገር ጠየቁኝ። አንደኛው፣ የሴትዮዋ ስልክ ቁጥር ያለባቸውን ረድፎች ሁሉ በዓይኔ ፈልጌ ቁጥሮቹ እንዴት እንደተጻፉ፣ ፊደል በፊደል፣ ሳላርም እንዳሳያቸው። ሁለተኛው፣ የስልኩና የኢሜይሉ መደጋገም አንድ ችግር ነው ብዬ እንዳልደመድም። በእሳቸው ግምት ሁለት የማይገናኙ ስሕተቶች በአንዲት ሴት ላይ ተገጣጥመው ነበር። ይህ ግምት በመጨረሻ ልክ ሆኖ ተገኘ።

መልስ 4። ይህ የእኔ ነው። የቁጥሩን የመጨረሻ ሦስት አኃዞች ይዤ ስፈልግ የእሷ የሆኑ ሦስት ረድፎች አገኘሁ። እውነተኛውን ቁጥር በሐሰተኛ ቀይሬ፣ አጻጻፉን ግን ሳልነካ እንዲህ ለጠፍኩት፦

```
+999 700 000 012
0700-000-012
700000012
```

የመጀመሪያው ከቢዝነስ ካርድ ላይ የተቀዳ ነው። ሁለተኛውን ባልደረባዬ በስልክ እያወራች ጻፈችው። ሦስተኛው ከሌላ ፋይል ሲመጣ መነሻዋን ዜሮ ጥሏል፤ ሺቱ ቁጥር መስሎት እንደ ብዛት ስለቆጠረው ነው። በስም ዓምዱ ደግሞ አንዱ ረድፍ የራሷንና የአባቷን ስም፣ አንዱ የራሷን ስም ብቻ፣ አንዱ ደግሞ ከፊቱ ወ/ሮ የሚል ይዟል። ለCOUNTIF እነዚህ ሦስት የተለያዩ ሰዎች ናቸው።

መልስ 5። እኒያው የ3ኛው መልስ ባለቤት ተመለሱ። ሰው በስሙ አይታወቅም፣ በተጻፈው የስልክ ቁጥርም አይታወቅም፤ ከቁጥሩ ላይ ጌጡን ሁሉ አራግፈን የምናስቀረው ቁልፍ ያስፈልጋል አሉ። ዋናውን የስልክ ዓምድ እንዳልነካውና ከሁኔታው ዓምድ ቀጥሎ፣ በI ላይ፣ ይህን እንዳስገባ ነገሩኝ፦

```
=IF(C2="","",RIGHT(REGEXREPLACE(TO_TEXT(C2),"\D",""),9))
```

የሚሠራው ቀላል ነው። በC ላይ ያለውን ወደ ጽሑፍ ይቀይረዋል፣ አኃዝ ያልሆነውን ሁሉ ማለትም ክፍተቱን፣ ሰረዙን፣ የመደመር ምልክቱን ይጥላል፣ ከዚያ ከቀኝ ዘጠኝ አኃዝ ብቻ ያስቀራል። የአገር ኮዱና መነሻዋ ዜሮ በግራ በኩል ስለሆኑ ተቆርጠው ይቀራሉ። ሦስቱም ረድፎቼ 700000012 ሆኑ። የተደገመውን ቀይ ለማድረግ ደግሞ ከሁለተኛው ረድፍ ጀምሮ ሁሉንም ረድፎች መርጬ Conditional formatting ውስጥ ይህን አስገባሁ፦

```
=AND($I2<>"",COUNTIF($I$2:$I,$I2)>1)
```

ሺቱ ላይ 58 ረድፍ ቀላ። ንጹሕ ነው ብለን የምንሠራበት ሺት ነው።

ፎርሙላው የሚስትበትን ቦታም ሳይደብቁ ነገሩኝ። አንድ ሴል ውስጥ ሁለት ቁጥር ከተጻፈ ቁልፉ የሁለተኛው ብቻ ይሆናል። ከቁጥሩ ኋላ የቢሮ የውስጥ መስመር ከተጨመረ ደግሞ ዘጠኙ አኃዞች ወደ ቀኝ ይንሸራተታሉ፤ ያ ሰው መቼም ከማንም ጋር አይገጥምም፣ ቀይም አይሆንም። አብዛኞቹን መለያ ዘዴው ከመቆረጡ በፊት ያሉትን አኃዞች በLEN መቁጠር ነው። ከ12 በላይ የሆነውን ሁሉ ሰው በዓይኑ ይየው፣ ከ9 በታች የሆነውም ጎዶሎ ነው። እኔ ጋ ሁለቱም ዓይነት ተገኘ። ሬጀክስ የሌለው የቆየ ኤክሴል ያለው ሰው ደግሞ SUBSTITUTEን ደራርቦ ክፍተቱን፣ ሰረዙንና የመደመር ምልክቱን አንድ በአንድ መጣል እንደሚችል ጨመሩ።

መልስ 6። አንድ ሌላ ሰው የስሙን ጉዳይ አነሣ። በእኛ ፊደል በስም መፈተሽ ከሌላውም ይብሳል አለ። ፀሐይ፣ ጸሐይ፣ ፀሀይ፣ ጸሃይ ለሰው አንድ ስም ናቸው፤ ለሺቱ ግን አራት። እሱ ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ የሚቀይር ረጅም ፎርሙላ ጽፎ ነበር። እያንዳንዱ ፊደል ሰባት ቅርጽ ስላለው ፎርሙላው ረዝሞ ማንም የማያነበው ሆነበት። በመጨረሻ ስሙን ለንግግር ብቻ ትቶ ቁልፉን በስልክና በኢሜይል አደረገ። ይህ መልስ ከሁሉ በላይ ጠቅሞኛል፤ ከኤክሴል መጽሐፍ የማይገኝ ነገር ነውና።

መልስ 7። ስለ ኢሜይል የጻፈው ወጣት ግማሽ መንገድ ሄዷል። ኢሜይሉን በTRIM እና በLOWER ማጽዳት እንደሚያስፈልግ ተናገረ፤ ይህ ልክ ነው። ቀጥሎ ግን ከአድራሻው ውስጥ ነጥቦችን ሁሉ ማውጣት አለባችሁ፣ ነጥብ ያለውና የሌለው አንድ ሳጥን ነው አለ።

መልስ 8። የ2ኛው መልስ ባለቤት ወዲያው አረመችው። ነጥብ የማይቆጠረው በጂሜይል አድራሻ ላይ ነው። ድርጅቶች በራሳቸው ዶሜይን በሚጠቀሙበት ኢሜይል ላይ ነጥብ ያለውና የሌለው የሁለት ሰዎች ሊሆን ይችላል፤ እኛ ደግሞ የምንሸጠው ለድርጅቶች ነው። ሁለት ሰዎችን አንድ ማድረግ አንድን ሰው ሁለት ከማድረግ አይሻልም ስትል ጻፈች፤ የአንዱ እምቢታ በሌላው ላይ ይለጠፋልና። አንድ ነገርም ጨመረች። ከድረ ገጽ ላይ የተቀዳ አድራሻ የማይታይ ክፍተት ይዞ ይመጣል፤ እሱን TRIM አያነሣውም። በዓይን አንድ የሚመስሉ ሁለት አድራሻዎች አንገጥምም ሲሉ LENን ጠይቁ፣ አንዱ በአንድ ከበለጠ CHAR(160)ን በSUBSTITUTE አውጡ አለች። ወጣቱ ትንሽ ተከራከረ፤ ቃናው የቁጣ ነበር። በኋላ ዝም አለ።

መልስ 9። አንድ ሱቅ ያለው ሰው ጥያቄዬን በሌላ መንገድ ተረዳው። እኔ ስለ ገና ያልገዙ ሰዎች ስጠይቅ እሱ ዕዳ ያለባቸውን ደንበኞች ማስታወስ መስሎት የራሱን ችግር አመጣ፦ ማስታወሻው ለማንም አይደርስም። ሺቱን ሲገልጽ ግን ምክንያቱ ቁልጭ ብሎ ታየ። መጨረሻ የተነጋገረበትን ቀን በእጁ በመጻፍ ፈንታ `=TODAY()` ብሎ ይሞላ ነበር። ያ ፎርሙላ ነገ ሲከፈት ነገን ይላል፤ ስለዚህ በሺቱ መሠረት ከሁሉም ደንበኛ ጋር ሁልጊዜ ዛሬ ተነጋግሯል፣ በዚያ ላይ ሦስት ቀን ተደምሮ የሚሰላው ቀጣዩ ቀንም ሁልጊዜ ሦስት ቀን ይቀረዋል። ቀኑን በማይለወጥ መልክ ለማስገባት ኮንትሮልና የ`;` ምልክት ያለባትን ቁልፍ አብሮ መጫን እንደሚበቃ ሦስት ሰዎች በአንድ ጊዜ ነገሩት። ከጥያቄዬ የወጣ ቢሆንም እኛም ሺት ላይ አራት እንዲህ ያሉ ሴሎች አግኝቻለሁ፤ እነዚያ ሰዎች ተረስተው ነበር።

መልስ 10። የ3ኛው መልስ ባለቤት ወደ ኢሜይሉ ተሻገሩ። ስክሪፕቱ ያለበትን ገጽ ከፍቼ፣ የተካሄዱ ሥራዎች ዝርዝር ውስጥ ገብቼ፣ ኢሜይሉ የተደገመባቸውን ሁለት ቀናት እንድመለከት ጠየቁ። እንዲሁም ስክሪፕቱ ተልኳል የሚለውን ቃል ሺቱ ላይ የሚጽፈው መቼ እንደሆነ፣ ከእያንዳንዱ ኢሜይል በኋላ ነው ወይስ ሁሉንም ልኮ ሲጨርስ፣ አንብቤ እንድነግራቸው።

መልስ 11። እኔ መለስኩ። ሁለቱም ቀን በቀይ ከሽፏል፣ የተጻፈውም ይህ ነው፦

```
Service invoked too many times for one day: email
```

ስክሪፕቱ የሚጽፈው ደግሞ ሁሉን ልኮ ሲጨርስ፣ በአንድ ጊዜ ነው። እንዲህ ቢጻፍ ይፈጥናል ተብሎ የተደረገ ይመስለኛል። የዚያን ሳምንት ከእረፍት ስለተመለስን ቀናቸው የደረሰ 140 ሰዎች ተከማችተው ነበር።

መልስ 12። እኒህ ሰው ነገሩን ሲፈቱት በጣም ደስ አለኝ። ነፃው የጉግል አካውንት በስክሪፕት በቀን መላክ የሚችለው ለ100 ተቀባይ ነው። ኮፒ የተደረገለት ሰው ሁሉ እንደ አንድ ተቀባይ ይቆጠራል። በመጀመሪያው ጠዋት ስክሪፕቱ ከላይ ጀምሮ ለ100 ሰው ላከ፤ 101ኛው ላይ ስሕተት መጣና እዚያው ሞተ። ተልኳል የሚለውን የሚጽፍበት መስመር ላይ ስላልደረሰ ሺቱ ላይ አንድም ረድፍ አልተለወጠም። በማግስቱ ሲነሣ ሺቱ አሁንም 140 ሰው ይጠብቃል ይለዋል። እንደገና ከላይ ጀመረ፣ ለእነዚያው 100 ሰዎች ላከ፣ እንደገና ሞተ። ሥራ አስኪያጇ ከመቶዎቹ አንዷ ናት። ከሥር ያሉት 40 ሰዎች ግን ምንም አልደረሳቸውም። እሷ ባትናገር ኖሮ በሦስተኛውም በአራተኛውም ቀን ይኸው ይቀጥል ነበር።

ለምን ማንም አላወቀም የሚለውንም አነሡ። ሲከሽፍ ጉግል የማስጠንቀቂያ ኢሜይል ይልካል፤ የሚልከው ግን ትሪገሩን፣ ማለትም ስክሪፕቱን በየጠዋቱ የሚያስነሣውን ትእዛዝ፣ ለፈጠረው አካውንት ነው። የእኛ ትሪገር የተፈጠረው ማንም በማይከፍተው የጋራ አካውንት ላይ ነበር። ስከፍተው ማስጠንቀቂያዎቹ በተራ ተደርድረው ጠበቁኝ።

መልስ 13። መፍትሔውም የእሳቸው ነው። ሺቱ ላይ የሚጻፈው ኢሜይሉ ከመውጣቱ በፊት ይሁን፣ በየሰዉም ይሁን አሉ። በእያንዳንዱ ረድፍ ላይ የሚሆነው ይህ ነው፦

```
if (MailApp.getRemainingDailyQuota() < 1) return;
statusCell.setValue("በመላክ ላይ");
SpreadsheetApp.flush();
MailApp.sendEmail(to, subject, body);
statusCell.setValue("ተልኳል");
```

የመጀመሪያው መስመር የቀኑ ድርሻ ካለቀ ሥራውን በሰላም ያቆመዋል፤ የቀሩት ሰዎች ለነገ ይቆያሉ። `flush` ያስፈለገው ጉግል የሺት ጽሑፎችን እያጠራቀመ በኋላ ስለሚጽፍ ነው፤ ያለ እሱ ኢሜይሉ ወጥቶ ጽሑፉ ሳይሰፍር ስክሪፕቱ ሊሞት ይችላል። ስክሪፕቱ የሚነካው ሁኔታው ባዶ የሆነውን ረድፍ ብቻ ነው፤ ሰውየውን አነጋግረን አዲስ ቀጣይ ቀን ስንሰጠው ያን ጊዜ ሁኔታውን ባዶ እናደርጋለን። በመካከል ከሞተ አንድ ረድፍ በመላክ ላይ እንዳለ ይቀራል፤ እሱን ስክሪፕቱ ዳግመኛ አይነካውም። ሰው የተላኩ ኢሜይሎችን ከፍቶ ያረጋግጣል፣ ከዚያ በእጁ ያስተካክላል። ካስገባሁት ወዲህ እንደዚህ የቀረ አንድ ረድፍ አይቼአለሁ፤ ሳረጋግጥ ኢሜይሉ ወጥቶ ነበር።

መልስ 14። እዚህ ላይ የሐሳብ ልዩነት ተነሣ። አንዲት የሽያጭ ኃላፊ ይህ አሠራር አደገኛ ነው አለች፤ ኢሜይሉ ሳይወጣ በመላክ ላይ ተብሎ የቀረ ሰው ተረሳ ማለት ነው፣ የተረሳ ሊድ ደግሞ የጠፋ ሽያጭ ነው። እሷ ጋ ሁለቴ መላክ ይሻላል። የ3ኛው መልስ ባለቤት ማስታወሻው ለማን እንደሚሄድ መልሰው ጠየቋት። የእሷ ስክሪፕት የሚልከው ለራሷ ሠራተኞች ነው፤ ዛሬ ለእገሌ ደውሉ የሚል። እንዲያ ከሆነ ልክ ነሽ አሏት፤ ሠራተኛ ያንኑ ማስታወሻ ሁለቴ ቢያይ ምንም አይጎዳም፣ ካላየው ግን ሥራው ይቀራል። ወደ ውጭ ሰው የሚሄደው ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። እሷ በዚህም አልተስማማችም፤ ለውጭ ሰውም ቢሆን ሁለት ኢሜይል ማንንም አልገደለም አለች። እኔ አትደውሉልኝ ያለችንን ሴት ድምፅ ስለሰማሁ ከእሳቸው ጋር ነኝ። ክርክሩ ግን አልተዘጋም።

መልስ 15። አንድ ሰው ይህ ሁሉ ልፋት ለምን፣ የደንበኛ መከታተያ ሶፍትዌር ገዝታችሁ አትገላገሉም ወይ ሲል በንቀት ጻፈ። ሺት የሚጠቀም ሻጭ ሥራውን የማያከብር ነው የሚል ዓይነት ቃልም ጨመረበት።

መልስ 16። የ2ኛው መልስ ባለቤት መልሷ የተሳለ ነበር። እሷ የምትሠራበት ድርጅት እንዲህ ያለ ሶፍትዌር ገዝቶ፣ ያልጸዳውን ሺት እንዳለ ወደ ውስጥ አስገብቶ ነበር። ያ ሶፍትዌር ድግግሞሽ የሚለየው በኢሜይል አድራሻ ብቻ ስለነበር፣ ኢሜይል የሌላቸው ሰዎች ሁሉ በሦስት በአራት ተባዝተው ገቡ። ቁልፉ በሺት ላይ ካልተስተካከለ የትም ቢዛወር ያው ነው አለች። የ15ኛው መልስ ባለቤት ስድብ የተቀላቀለበት መልስ ሰጠ፤ የመድረኩ አስተባባሪ ሰረዘው። ከስድቡ ውጭ ያነሣው አንድ ነጥብ ግን እውነት አለው፦ ሠራተኛው ሲበዛና ሁሉም በአንድ ጊዜ ሲጽፉ ሺት ይቸግራል።

መልስ 17። ለዚያ ነጥብ አንድ ፕሮግራመር ሁለት ምሳሌ ሰጠ። የመጀመሪያው፣ ስክሪፕቱ እየሠራ ሳለ አንድ ሰው ሺቱን በቀን ቅደም ተከተል ቢያዘዋውረው ምን ይሆናል የሚል ነው። ስክሪፕቱ የሚያስታውሰው 212ኛውን ረድፍ ነው፤ 212ኛው ላይ አሁን ሌላ ሰው አለ፤ ተልኳል የሚለው በማያገባው ሰው ላይ ይጻፋል። ሥርዓቱ ለራስ ብቻ የሚታይ የማጣሪያ እይታ መጠቀም ነው፤ የሌላውን ሺት አያናጋም። ሁለተኛው ትሪገር ነው። ሁለት ሰዎች ያንኑ ማስጀመሪያ ቁልፍ ከጫኑ ሁለት ትሪገር ይፈጠራል፣ አንዱ የሌላውን አያየውም፣ ስክሪፕቱም በየጠዋቱ ሁለቴ ይነሣል። እኛ ጋ እንዲህ ያለ እንደሌለ በየአካውንቱ ገብተን አረጋገጥን። የሆነ ሆኖ ይህችን ከላይ ጨመርናት፤ አንዱ እየሠራ ሳለ ሌላው ቢነሣ እስከ አሥር ሰከንድ ይጠብቃል፣ የመጀመሪያው ካልጨረሰ ተመልሶ ይወጣል፦

```
const lock = LockService.getScriptLock();
if (!lock.tryLock(10000)) return;
```

መልስ 18። ቀይ የሆኑትን 58 ረድፎች ምን ላድርጋቸው ብዬ ጠይቄ ነበር። የ2ኛው መልስ ባለቤት ምንም አትሰርዙ አለች። ከጥንዶቹ አንዱን ረድፍ ምረጡ፣ የሌላውን ማስታወሻ ወደ እሱ ገልብጡ፣ በቀረው ላይ ሁኔታውን ተዋህዷል በሉ፤ ሁኔታው ባዶ ስላልሆነ ስክሪፕቱ ያልፈዋል። አትደውሉልኝ ያለ ሰው ካለ ያ ቃል በተመረጠው ረድፍ ሁኔታ ላይ ይስፈር። እንዲህ ያለውን ሰው ለማክበር ብሎ ከሺቱ ማውጣት ትልቅ ስሕተት ነው አለች። ከወር በኋላ አንድ ሰው አዲስ ዝርዝር ይዞ ይመጣል፣ ቁጥሩ በውስጡ አለ፣ ሺቱ ደግሞ አያስታውሰውም። እንዳይደወልለት ከተፈለገ ቁልፉ መቅረት አለበት፤ ሌላው መረጃው ቢሰረዝም። የሥራ አስኪያጇን ረድፍ በዚህ መልክ አስተካክለናል፦ ስልኳ፣ ሁኔታዋ፣ ሌላ ምንም።

ከመደወላችን በፊት የምንፈትሽበትንም እሷ ናት ያሳየችኝ። ዋናው ሉህ leads ይባል፤ በሌላ ሉህ ላይ በA1 ቁጥሩን እንደመጣ እንለጥፋለን፣ በB1 ያው የቁልፍ ፎርሙላ ከC2 ፈንታ A1ን ይዞ አለ፣ በC1 ደግሞ ይህ፦

```
=IFERROR(FILTER(leads!A2:H,leads!I2:I=B1),"የለም")
```

A1ን አስቀድመን ጽሑፍ ብቻ በሚለው ቅርጽ አድርገነዋል፤ አለዚያ በመደመር የሚጀምር ቁጥር ይበላሻል። ኃላፊውና መጨረሻ የተነጋገርንበት ቀን ወዲያው ይታያል። ሦስታችንም አሁን ከዚህ ሳናልፍ ስልክ አናነሣም።

መልስ 19። አንድ ሰው ስለ ድርጅቱ ጠየቀ። ባለቤቱም ሒሳብ ሠራተኛውም ለየብቻ ተመዝግበው፣ አንዱ እምቢ ካለ ሌላውን ማነጋገር ይገባል? ቁልፉ ሁለት ሰዎች ናቸው ይላል። የ14ኛው መልስ ባለቤት በሙሉ ልብ ይገባል አለች። የ3ኛው መልስ ባለቤት እንደ እምቢታው ነው አሉ፤ አገልግሎቱን አንፈልግም ያለ ሰው ስለ ድርጅቱ ተናግሯል፣ እኔን አትደውሉልኝ ያለ ግን ስለ ራሱ ብቻ። እኛ ሦስታችን በዚህ ጉዳይ ገና አልተስማማንም። ለጊዜው የድርጅቱ ስም ከአንድ ረድፍ በላይ ላይ ከታየ ረድፎቹ ቢጫ እንዲሆኑ አድርጌአለሁ፤ መደወል የሚፈልገው ሰው መጀመሪያ ሌሎቻችንን ይጠይቃል።

መልስ 20። የመጨረሻው መልስ ትናንት ማታ ገባ። እሱ ባለበት የስልክ ቁጥር ስምንት አኃዝ ስለሆነ ዘጠኙ የአገር ኮዱን መጨረሻ አኃዝ ይዞ ይመጣል፣ ያለ ኮድ የተጻፈው ግን ስምንት ብቻ ይሆናል፤ ሁለቱ አይገጥሙም። ፎርሙላው ውስጥ 9ን በ8 መቀየር ይበቃል ብዬ መለስኩለት። እሱ ግን ሊዶቹ ከሁለት አገር የተቀላቀሉ መሆናቸውን ጻፈ። በ8 ቢቆረጥ የዘጠኝ አኃዙ አገር ሁለት የተለያዩ ቁጥሮች አንድ ሊሆኑ ይችላሉ። የአገር ዓምድ ጨምሮ በየአገሩ የተለያየ ርዝመት መቁረጥ ይቻል ይሆናል ብያለሁ፤ የትኞቹ ረድፎች የየትኛው አገር እንደሆኑ ግን ሺቱ ላይ አልተጻፈም። እስካሁን አልመለሰም፤ ይህን የፈታ ሰው ካለ እዚሁ ቢጽፍ እወዳለሁ።